በተሽከርካሪ ኮምፒውተር የተዘጉ አገልግሎቶችን መክፈትና የተሳሳተ ለውጥ የሚያስከትለው ችግር

በተለምዶ «ስፖኪዮ» እየተባለ የሚጠራው የጎን መስታወት መኪናው በሪሞት በተቆለፈ ቁጥር ራሱን አጥፎ ወደ በሩ እንዲጠጋ ማድረግ በርካታ አሽከርካሪዎች ከሚፈልጓቸው ምቾቶች አንዱ ነው። በአንዳንድ መኪኖች ይህ አገልግሎት በፋብሪካ ተከፍቶ ይመጣል። በሌሎች ደግሞ የማጠፊያው ሞተርም ሽቦውም እያለ፣ ትዕዛዝ የሚሰጠው ኮምፒውተር ተግባሩን እንዳይፈጽም ተደርጎ ይቀራል። ይህን የተዘጋ አገልግሎት በምርመራ ሶፍትዌር አማካይነት የመክፈት ሥራ «ኮዲንግ» በመባል ይታወቃል። ሥራው ዕቃ መቀየርን የማይጠይቅና በደቂቃዎች የሚጠናቀቅ ነው። ይሁንና በተሳሳተ መንገድ ሲከናወን የፍሬን መብራትን፣ ኤርባግንና ሌሎች ለደኅንነት የተሠሩ ክፍሎችን እስከ ማሰናከል ሊደርስ ይችላል።

አንድ ዘመናዊ መኪና በውስጡ በርከት ያሉ አነስተኛ ኮምፒውተሮች አሉት። ሞተሩን፣ ፍሬኑን፣ ኤርባጉን፣ መብራቱንና በሮቹን ለየብቻ የሚቆጣጠሩት እነዚህ ክፍሎች የመቆጣጠሪያ ሞጁሎች ይባላሉ። አምራቹ ለእያንዳንዱ የመኪና ዓይነትና ለእያንዳንዱ አገር የተለየ ሞጁል ከመሥራት ይልቅ፣ አንዱን ሞጁል ለብዙዎች እንዲያገለግል አድርጎ ያዘጋጀዋል። መኪናው ሲገጣጠምም መሪው በግራ ነው ወይስ በቀኝ፣ የጉም መብራት አለው ወይስ የለውም፣ መስታወቱ በኤሌክትሪክ ይታጠፋል ወይስ በእጅ የሚሉት መረጃዎች በሞጁሉ ይሞላሉ። አሠራሩ አንድ መሥሪያ ቤት ለሁሉም ባለጉዳዮች አንድ ዓይነት ቅጽ አሳትሞ፣ ለእያንዳንዱ ባለጉዳይ የሚመለከተውን ሣጥን ብቻ ምልክት እንደሚያደርግበት ነው። ምልክት ያልተደረገበት ሣጥን ከቅጹ ላይ አይጠፋም። ኮዲንግ የሚባለውም ይህንኑ ቅጽ ከልሶ መሙላት ነው።

ጉዳዩን በአንድ ተጨባጭ መኪና ለማየት እ.ኤ.አ. በ2012 ይፋ የሆነው ሰባተኛው ትውልድ ቮልስዋገን ጎልፍ ጥሩ ማሳያ ነው። ለቮልስዋገን፣ ለአውዲ፣ ለስኮዳና ለሴአት መኪኖች ከሚያገለግሉት የምርመራ ሶፍትዌሮች መካከል ሮስ-ቴክ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ የሚያዘጋጀው ቪሲዲኤስ በስፋት ይታወቃል። ሶፍትዌሩ በላፕቶፕ ላይ ይጫንና በልዩ ገመድ አማካይነት ከመሪው በታች ካለው ባለ 16 እግር የምርመራ ሶኬት ጋር ይገናኛል። ይህ ዓይነቱ ሶኬት እ.ኤ.አ. ከ1996 ሞዴል ጀምሮ በአሜሪካ ለሚሸጡ መኪኖች ግዴታ የተደረገው የጭስ ልቀትን ለመቆጣጠር ነበር። ለመርማሪዎች የተከፈተው በር ግን ውሎ አድሮ ለለውጥም መግቢያ ሆኗል።

መስታወቱን ለማጠፍ የሚከናወነው ሥራ

ከሁሉ አስቀድሞ መረጋገጥ ያለበት በመስታወቱ ውስጥ የማጠፊያ ሞተር መኖሩ ነው። ይህንን ለማወቅ በሩን መፍታት አያስፈልግም። በአሽከርካሪው በር ላይ ያለው የመስታወት ማስተካከያ ማዞሪያ የታጠፈ መስታወት ምልክት ካለውና ወደዚያ ሲዞር ሁለቱም መስታወቶች ከታጠፉ፣ ሞተሩም ሽቦውም አለ ማለት ነው። ምልክቱ ከሌለ ግን መስታወቱ በእጅ ብቻ የሚታጠፍ በመሆኑ የትኛውም ኮዲንግ አያንቀሳቅሰውም። እንዲህ ባለው መኪና ላይ አገልግሎቱን ለማግኘት ሞተር ያላቸው መስታወቶች፣ ምልክቱ ያለበት ማዞሪያና ሞተሩን ማዘዝ የሚችል የበር ሞጁል መግጠም የግድ ነው። ሁለተኛው መታየት ያለበት ነገር የመኪናው የራሱ የቅንብር ማውጫ ነው። አገልግሎቱ በማውጫው ውስጥ ተቀምጦ አሽከርካሪው ሳያበራው የቆየ ከሆነ ላፕቶፕ ማገናኘት አስፈላጊ አይሆንም። ይህን ቀላል ማጣሪያ ሳያደርጉ ለኮዲንግ ገንዘብ የሚከፍሉ ባለንብረቶች መኖራቸው አያስገርምም።

እነዚህ ሁለት ነገሮች ከተረጋገጡ በኋላ የመኪናው ቁልፍ ይበራል፤ ሞተሩ ግን አይነሳም። ቀጥሎ «Auto-Scan» በተባለው የሶፍትዌሩ ክፍል የሁሉም ሞጁሎች ሁኔታ ይነበባል። ውጤቱ የእያንዳንዱን ሞጁል መለያ ቁጥር፣ በወቅቱ ያለውን ኮዲንግና የተመዘገቡ ብልሽቶችን የያዘ ረጅም ጽሑፍ ነው። ይህ ጽሑፍ በፋይል ተቀምጦ፣ ቢቻል በወረቀትም ታትሞ መያዝ ይኖርበታል። ሥራው ከመጀመሩ በፊት መኪናው የነበረበትን ሁኔታ የሚመሰክር ሌላ ሰነድ የለምና።

በጎልፍ 7 የመስታወቱን መታጠፍ የሚወስነው መብራቶችንና የበር መቆለፊያን የሚያስተዳድረው ማዕከላዊ የኤሌክትሪክ ሞጁል ነው። ሞጁሉ በሶፍትዌሩ ላይ በ09 ቁጥር ይገኛል። ከተከፈተ በኋላ «Security Access - 16» በሚለው ቦታ የመግቢያ ቁጥር ይሞላል፤ በዚህ ሞጁል የታወቀው ቁጥር 31347 ነው። ከዚያም «Adaptation - 10» ተመርጦ ቀጥሎ የተመለከቱት ሦስት መስመሮች ይፈለጋሉ፦

```
Funk Spiegelanklappung
Menuesteuerung Spiegelanklappung
Funk Spiegelanklappung Modus
```

ቃላቱ ጀርመንኛ ናቸው። የመጀመሪያው መስታወቱ በሪሞት እንዲታጠፍ የሚፈቅድ ሲሆን፣ ሁለተኛው ምርጫው በመኪናው ማውጫ ላይ እንዲታይ ያደርጋል። ሦስተኛው ደግሞ መስታወቱ የሚታጠፈው የመቆለፊያው ቁልፍ አንድ ጊዜ ሲነካ ይሁን ወይስ መስኮቶችን ለመዝጋት ተጭኖ ሲያዝ የሚለውን ይወስናል። ከመስመሮቹ በፊት የሚታየው ተራ ቁጥር እንደ ሞጁሉ ዓይነት ስለሚለያይ፣ መፈለግ ያለበት በቁጥሩ ሳይሆን በስሙ ነው። እያንዳንዱ መስመር ለየብቻ ይለወጣል፤ ለየብቻም ይቀመጣል፤ የቀድሞው ዋጋም በማስታወሻ ይያዛል።

ሥራው ካለቀ በኋላ ከመኪናው ወርዶ በሮቹን ዘግቶ መቆለፍና ሁለቱም መስታወቶች መታጠፋቸውን፣ መኪናው ተከፍቶ ቁልፉ ሲበራም ወደ ቦታቸው መመለሳቸውን ማየት ያስፈልጋል። አንደኛው ታጥፎ ሌላኛው ከቀረ ችግሩ የኮዲንግ ላይሆን ይችላል። በሩ በተከፈተና በተዘጋ ቁጥር የሚተጣጠፈው ሽቦ በማጠፊያው አካባቢ የተቆረጠ ከሆነ ተመሳሳይ ምልክት ያሳያል። በመሆኑም 42 ቁጥር የአሽከርካሪው በር፣ 52 ቁጥር ደግሞ የተሳፋሪው በር ሞጁል ተከፍቶ የተመዘገበ ብልሽት መኖር አለመኖሩ ይታያል። በነገራችን ላይ የመስታወቱ መታጠፍ በጠባብ መንገድ ላይ የቆመን መኪና ከአላፊ ተሽከርካሪ ግጭት ያድናል እንጂ፣ በአዲስ አበባ ለብዙዎች ምሬት የሆነውን የስፖኪዮ ስርቆት ያስቀራል ብሎ መጠበቅ አይገባም።

ስህተቱ የሚፈጠረው የት ነው?

ከላይ የተገለጸው ለውጥ በስም በተለዩ መስመሮች የሚካሄድ በመሆኑ አደጋው አነስተኛ ነው። አስቸጋሪው «ረጅም ኮዲንግ» የሚባለው ዓይነት ነው። በዚህኛው አሠራር የሞጁሉ ቅንብር በሙሉ ያለ አንዳች ማብራሪያ በተደረደሩ ቁጥሮችና ፊደላት ይጻፋል። እያንዳንዱ ጥንድ ባይት ይባላል፤ አንዱ ባይት ደግሞ ቢት የሚባሉ ስምንት ማብሪያ ማጥፊያዎችን ይይዛል። አጻጻፉም እንደ ዕለታዊ ሒሳብ በ10 ምልክቶች ሳይሆን ከ0 እስከ 9 ቀጥሎም ከA እስከ F ባሉ 16 ምልክቶች ነው። አብዛኛው ጥፋት የሚመነጨውም ከዚሁ የአቆጣጠር ልዩነት ነው።

ለምሳሌ በአንድ ሞጁል ውስጥ አንዱ ባይት 09 ነው እንበል። ከቀኝ ወደ ግራ ከዜሮ ጀምሮ ሲቆጠር ቢት 0 እና ቢት 3 በርተዋል ማለት ነው። ባለሙያው ሊያበራ የሚፈልገው ቢት 2ን ነው እንበል። ቢት 2 የ4 ዋጋ አለው። ዘጠኝ ላይ አራት ሲደመር አሥራ ሦስት ይሆናል። በዚህ የአጻጻፍ ሥርዓት ግን አሥራ ሦስት የሚጻፈው 0D ተብሎ ነው። ይህን ያላወቀ ሰው 13 ብሎ ይጽፋል። የሁለቱ ልዩነት እንደሚከተለው ነው፦

```
09 = 0000 1001
0D = 0000 1101
13 = 0001 0011
```

በመካከለኛው መስመር የተፈለገው ቢት ብቻ በርቷል፤ ሌላው አልተነካም። በመጨረሻው መስመር ግን የተፈለገው ቢት 2 ጭራሽ አልበራም። በምትኩ በርቶ የነበረው ቢት 3 ጠፍቷል፤ ያልተፈለጉት ቢት 1 እና ቢት 4 ደግሞ በርተዋል። በአንዲት የአጻጻፍ ስህተት ሦስት ነገሮች ተለውጠዋል ማለት ነው። ከሦስቱ አንዱ በመኪናው ላይ የሌለ የዝናብ መለኪያ እንዳለ አድርጎ የሚያስቆጥር ቢሆን፣ ሞጁሉ ያልተገጠመውን ዕቃ ሲፈልግ ይኖራል፤ ባጣው ቁጥርም ብልሽት ይመዘግባል። ቢት 3 የትኛውን አገልግሎት ያዘ እንደነበረ ደግሞ ባለንብረቱ የሚያውቀው ያ አገልግሎት የተቋረጠ ዕለት ነው።

ከዚህ የከፋው ከሌላ መኪና የተገኘን ኮዲንግ እንዳለ ገልብጦ መሙላት ነው። ሁለት መኪኖች በመልክ፣ በሞዴልና በምርት ዘመን አንድ ቢሆኑም በመብራት ዓይነት፣ በወንበር ማሞቂያ ወይም በሌላ ዕቃ ሊለያዩ ይችላሉ። ስለሆነም የአንዱ ቅጽ የሌላው ማንነት አይሆንም። የሚፈለገውን አንድ ቢት ለይቶ በራሱ መኪና ኮዲንግ ላይ መለወጥ እንጂ የሌላውን መቅዳት ተገቢ አይደለም።

ሞጁሉ ለውጡን አልቀበልም ሲል የሚያሳየው መልዕክት አብዛኛውን ጊዜ የሚያስፈራ አይደለም። «Error 31» የተጻፈው ዋጋ ከሚፈቀደው ክልል ውጭ መሆኑን፣ «Error 33» የመግቢያ ፈቃድ አለመሰጠቱን፣ «Error 22» ደግሞ ሁኔታዎች አለመሟላታቸውን፣ ለምሳሌ ሞተሩ መጥፋት ሲኖርበት መነሳቱን ያመለክታሉ። በሦስቱም የቀድሞው ኮዲንግ ሳይነካ ይቀጥላል። ጥንቃቄ የሚያስፈልገው ሞጁሉ ያለ ምንም ተቃውሞ ሲቀበል ነው። ሞጁሉ የሚያጣራው ቁጥሩ በክልሉ ውስጥ መሆኑን እንጂ ለመኪናው ትክክል መሆኑን አይደለም።

ዳሽቦርዱ የማያሳየው ብልሽት

የመብራት ኮዲንግ ለዚህ ዋነኛ ማሳያ ነው። መኪናው እያንዳንዱ አምፖል መሥራቱን የሚያውቀው በሽቦው የሚያልፈውን ኤሌክትሪክ በመለካት ነው። ባለንብረቱ የፋብሪካውን አምፖል አውጥቶ ኤልኢዲ ሲያስገባ፣ ኤልኢዲው የሚወስደው ኃይል አነስተኛ ስለሆነ ኮምፒውተሩ አምፖሉ የተቃጠለ መስሎት ማስጠንቀቂያ ያሳያል። በዚህ ጊዜ ብዙዎች የሚመርጡት መፍትሔ የአምፖል ቁጥጥሩን በኮዲንግ መዝጋት ነው። ማስጠንቀቂያው ይጠፋል፤ ባለንብረቱም ደስ ይለዋል። ከወራት በኋላ መብራቱ በእርግጥ ሲቃጠል ግን ዳሽቦርዱ ዝም ይላል። ጉዳዩ የፍሬን መብራት ከሆነ መጀመሪያ የሚያውቀው ከኋላ የሚመጣው አሽከርካሪ ነው።

የኋላ መብራቶች በቀን እንዲበሩ ወይም የፍሬን መብራቱ ከጭራ መብራቱ ጋር አብሮ እንዲሠራ የሚደረጉ ለውጦችም ተመሳሳይ ጠንቅ አላቸው። የብርሃኑ መጠን በመቶኛ የሚሞላ ሲሆን፣ የጭራ መብራቱ ድምቀት ወደ ፍሬን መብራቱ ከተጠጋ ፍሬን መያዙን ከኋላ ሆኖ መለየት ያስቸግራል። ስለዚህ ከማንኛውም የመብራት ለውጥ በኋላ አንድ ሰው ከኋላ ቆሞ የጭራ፣ የፍሬን፣ የፍሬቻና የኋላ ማርሽ መብራቶችን በየተራ እንዲያይ ማድረግ ያስፈልጋል። ፍተሻው በጠራራ ፀሐይም በምሽትም ቢደረግ ይመረጣል።

በ15 ቁጥር የሚገኘው የኤርባግ፣ በ03 ቁጥር የሚገኘው የፍሬን እና በ44 ቁጥር የሚገኘው የመሪ ሞጁል ለምቾት ሲባል የሚነኩ አይደሉም። የኤርባግ ሞጁል ስንት ኤርባግና የትኞቹ የቀበቶ መወጠሪያዎች እንደተገጠሙ የሚያውቀው ከኮዲንጉ ነው። የተሞላው ከተገጠመው ካልተስማማ የማስጠንቀቂያ መብራቱ ይበራል፤ መብራቱ በርቶ ሳለም በግጭት ጊዜ ኤርባጉ ይፈነዳል ተብሎ መተማመን አይቻልም። የቀበቶ ማሳሰቢያ ድምፅን በኮዲንግ ማጥፋት በጋራዦች በቀላሉ የሚሠራ ተግባር ቢሆንም፣ በመሥሪያ ቤት ተሽከርካሪ ላይ እንዲህ ያለውን ለውጥ የፈቀደ ኃላፊ ተሳፋሪ ሲጎዳ መልስ መስጠት የሚቸግረው ይሆናል።

ለውጡን ወደ ነበረበት መመለስ

የመጀመሪያው ንባብ በፋይል ከተቀመጠ የተሳሳተ ኮዲንግን ማረም ቀላል ነው። የሞጁሉ የቀድሞ ቁጥር ከፋይሉ ተወስዶ ተመልሶ ይሞላል፤ ብልሽቶቹ ይሰረዛሉ፤ ከዚያም ሙሉ ንባቡ ተደግሞ ከመጀመሪያው ጋር ይነጻጸራል። በሁለተኛው ንባብ ላይ በመጀመሪያው ያልነበረ ብልሽት ከታየ ምክንያቱ በመካከል የተሠራው ሥራ ስለመሆኑ ጠንካራ ማስረጃ ነው። «01042» የሚል ቁጥር ያለው ብልሽት ሞጁሉ ኮዲንግ እንዳልተሞላለት የሚገልጽ ነው።

ፋይሉ ከሌለ ግን ነገሩ ይከብዳል። በዚህ ጊዜ ያለው አማራጭ የአምራቹን የራሱን የምርመራ ሥርዓት በመጠቀም፣ በሻንሲ ቁጥሩ አማካይነት መኪናው ከፋብሪካ ሲወጣ የነበረውን ቅንብር ከአምራቹ የመረጃ ቋት መጠየቅ ነው። ይህ ደግሞ የኢንተርኔት ግንኙነትና ከአምራቹ የተሰጠ ፈቃድ ያለው ጋራዥ ይጠይቃል። ሁለቱንም በአንድ ቦታ ማግኘት ሁልጊዜ የሚቻል አይደለም።

የባትሪ ሁኔታም በዚህ ሥራ ችላ ሊባል አይገባም። ቁልፉ በርቶ ሞተሩ በጠፋበት ሁኔታ ረዘም ላለ ጊዜ ሲሠራ ባትሪው ይደክማል። ኃይል በሚወርድበት ጊዜ ሞጁሎች ግንኙነታቸውን ስለሚያቋርጡ የተጀመረው ጽሑፍ ሳይጠናቀቅ ሊቀር ይችላል፤ ያልነበሩ ብልሽቶችም በብዛት ይመዘገባሉ። ስለዚህ ባትሪ መሙያ ተገናኝቶ ቢሠራ ይመረጣል። በርካሽ የሚሸጡ ተመሳስለው የተሠሩ ገመዶችም ተመሳሳይ መዘዝ አላቸው። ከዋናው አዘጋጅ ወቅታዊ መረጃ ስለማያገኙ አዲስ ሞጁልን በአሮጌ ማብራሪያ ሊያነቡ ይችላሉ። እንዲህ ሲሆን በስክሪኑ ላይ የሚታየው የቢት ስም ከሞጁሉ እውነተኛ ተግባር ጋር አይገናኝም።

አዳዲሶቹ የኤሌክትሪክ ተሽከርካሪዎች

መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር ውስጥ እንዳይገቡ በ2016 ዓ.ም መወሰኑን ተከትሎ፣ በአዲስ አበባ ጎዳናዎች ላይ ቮልስዋገን አይዲ 4 እና ለቻይና ገበያ ተብሎ የተሠራው አይዲ 6 በብዛት መታየት ጀምረዋል። በጎልፍ 7 ላይ የተገለጸው አሠራር በእነዚህ መኪኖች ላይ እንዳለ አይሠራም። ቮልስዋገን ከስምንተኛው ትውልድ ጎልፍ ጀምሮ «ኤስኤፍዲ» የተባለ የምርመራ ጥበቃ አስገብቷል። በጥበቃው መሠረት የታወቀ የመግቢያ ቁጥር መሙላት በቂ መሆኑ ቀርቷል፤ ለውጥ የሚያደርገው ሰው በኢንተርኔት አማካይነት ከአምራቹ ሥርዓት ጊዜያዊ ፈቃድ ማግኘት አለበት። የተከፈተው ሞጁልም ከ90 ደቂቃ በኋላ ተመልሶ ይዘጋል። ማንበብ ግን እንደ ቀድሞው ያለ ፈቃድ ይቻላል።

በመኪና አምራቾች ዘንድ እንዲህ ዓይነት ጥበቃ ለመስፋፋቱ አንዱ ምክንያት በተባበሩት መንግሥታት የአውሮፓ ኢኮኖሚ ኮሚሽን ሥር እ.ኤ.አ. በ2020 የጸደቀውና ቁጥር 155 የተሰጠው የተሽከርካሪ የሳይበር ደኅንነት ደንብ ነው። በአውሮፓ ኅብረት ደንቡ እ.ኤ.አ. ከሐምሌ 2024 ጀምሮ በሁሉም አዳዲስ ተሽከርካሪዎች ላይ ተፈጻሚ ሆኗል። ጥበቃው በግል አስመጪዎች በኩል ለገቡ መኪኖች ባለንብረቶች አስቸጋሪ መሆኑ አይካድም። ቋንቋውን ከቻይንኛ ለመቀየር ወይም አንድ የተቀየረ ዕቃ ለማስተዋወቅ የሚፈልግ ሰው ሳይቀር ፈቃድ ሊጠየቅ ይችላል። ጥበቃውን እናልፋለን በማለት አገልግሎት የሚሰጡ ሰዎች ሲያጋጥሙ፣ ፈቃዱ ከየት እንደተገኘና የትኛው ሞጁል እንደሚነካ አስቀድሞ መጠየቅ የባለንብረቱ መብት ነው።

ተሽከርካሪዎችን በሚያስተዳድሩ የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች የስምሪትና የጥገና ክፍሎች ዘንድ ጎማ፣ ባትሪና ዘይት የተቀየረበት ቀን በመዝገብ ይሰፍራል። ኮዲንግ ግን የተፈታ ዕቃም ሆነ የተከፈተ ክዳን ስለሌለው አብዛኛውን ጊዜ ከመዝገብ ውጭ ይቀራል። መኪናው ወደ ጋራዥ ሲገባና ሲወጣ የተወሰዱት ሁለት ንባቦች፣ የተለወጠው ሞጁል ቁጥር፣ የቀድሞውና የአዲሱ ዋጋ እንዲሁም ሥራውን ያከናወነው ባለሙያ ስም ከጥገናው ሰነድ ጋር አብረው እንዲያያዙ ማድረግ ከአንድ ገጽ ብዙም የሚበልጥ ወረቀት አይጠይቅም። ከዚያ በኋላ መኪናው አንድ እንግዳ ብልሽት ቢያሳይ፣ ቀጣዩ መካኒክ ፍለጋውን የሚጀምረው ከዚያ ገጽ ይሆናል።